የእኛ 3.2 በጀርመን ስንት ነው?

በ3.2 ጂፒኤ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ጀርመን አገር ለማስተርስ ሲያመለክት ውጤቱ 2.2 ሆኖ ይሰላል። ቁጥሩን አይቶ የሚደነግጥ አይጠፋም። ነገር ግን በጀርመን 1.0 ከሁሉ የላቀው ውጤት፣ 4.0 ደግሞ የመጨረሻው ማለፊያ ስለሆነ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ተማሪው ይበልጣል።

ወደ ስሌቱ ከመገባቱ በፊት ዲግሪው ራሱ ይመረመራል። ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሥራ ዩኒ-አሲስት ለሚባለው የበርሊን ተቋም ይሰጣሉ። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ የሚታየው ደግሞ አናቢን በተባለ የመረጃ ቋት ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። በስሙ አጠገብ H+ የተጻፈበት ተቋም ዕውቅና ያለው ነው፤ H− ከሆነ የለውም፤ H+/− ከሆነ ጉዳዩ በተናጠል ይታያል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማየት ይበጃል።

ውጤቱን ለመቀየር በብዛት የሚያገለግለው የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር ነው፦

1 + 3 × (ከፍተኛው ውጤት − የተማሪው ውጤት) ÷ (ከፍተኛው ውጤት − ዝቅተኛው ማለፊያ)

በእኛ ምሳሌ ከፍተኛው 4.0፣ ዝቅተኛው 2.0 ነው። ከ4.0 ላይ 3.2 ሲቀነስ 0.8 ይቀራል። ይህ ለ2 ሲካፈል 0.4፣ በ3 ሲባዛ 1.2 ይሆናል፤ 1 ሲደመርበት 2.2 ይመጣል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ዝቅተኛውን ማለፊያ ሲሞላ ነው። በአንድ ኮርስ ዲ ያገኘ ተማሪ 1.0 ነጥብ ስለሚያዝለት አንዳንዱ 1.0ን ማለፊያ አድርጎ ያሰላና 1.8 ያገኛል። ቀመሩ የሚፈልገው ግን ለመመረቅ የሚያበቃውን ጠቅላላ ጂፒኤ ነው፤ እሱም 2.0 ነው። በራሱ ስሌት 1.8 ያገኘ አመልካች የመግቢያ መስፈርቱ 2.0 የሆነ ፕሮግራም መርጦ፣ በትክክለኛው 2.2 ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ በትራንስክሪፕቱ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከሌለም ሬጅስትራሩ በደብዳቤ እንዲገልጸው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀመሩ የማያየውም ነገር አለ። ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ መስመር ከማገናኘት አያልፍም። በአንድ ትምህርት ክፍል 3.2 ከክፍሉ የበላይ ሊያደርግ ይችላል፤ ኤ በልግስና በሚሰጥበት ሌላ ቦታ ደግሞ መካከለኛ ነው። ሁለቱም ግን 2.2 ይባላሉ። ለእኔ ይህ የቀመሩ ትልቁ ድክመት ነው። ተማሪው በክፍሉ የነበረውን ደረጃ የሚገልጽ ደብዳቤ ቢያያይዝ መራጩን ኮሚቴ ሊረዳው ይችላል፤ ስሌቱን ግን አይለውጥም። መስፈርቱ 2.5 ለሆነ ፕሮግራም የሚያበቃው የእኛ ውጤት ልክ 3.0 ነው፤ 2.99 ያለው ሰው ስሌቱ 2.515 ላይ ስለሚያደርሰው፣ ያ ፕሮግራም ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንደሚይዝ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።