ቀልዱ አንድ፣ ሰላምታው ሁለት፤ ከታላላቆች ጋር ሲጫወቱ ድንበሩ የት ነው?

አንድ ማለዳ በካዛንችስ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ እንበል። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ያልፋሉ። በሱቅ ደጃፍ የተቀመጠ የሰፈሩ ወጣት ከመቀመጫው ተነሥቶ ጎንበስ ይላል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዛሬስ ሙሽራ መስለዋል፤ ሽማግሌ ልከው ነው እንዴ?»

«ልኬ ነበር፤ አንተንም ሚዜ ላደርግህ አስቤ ጫማህን ሳይ ተውኩት።»

በአካባቢው ያለው ሁሉ ይስቃል፤ ወጣቱም ጭቃ የነካውን ጫማውን እያየ ይስቃል። ይህን የሰማ፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሌላ ወጣት በበኩሉ ሊጫወት ያምረውና ከተቀመጠበት ሳይነሣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፋዘር፣ አምሮብሃል! ሙሽራ መስለሃል!» ይላል። አባት ይቆማሉ፤ ፈገግታቸው ይጠፋል። «አመሰግናለሁ ጌታው» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ሁለቱም ወጣቶች ሽማግሌውን በሙሽራ መስለዋቸዋል። ሁለቱም ክፋት አላሰቡም። አንደኛው ግን ፍቅር ሆኖ ሲቆጠርለት፣ ሁለተኛው ድፍረት ሆኖበታል። ስለዚህ ልዩነቱ በቀልዱ ውስጥ ሳይሆን ቀልዱን በተሸከመው ሰላምታ ውስጥ መፈለግ አለበት።

የመጀመሪያው ልዩነት በግሡ መጨረሻ ላይ ይገኛል። አማርኛ ታላቅን የሚያከብረው አንዱን ሰው እንደ ብዙ በመቁጠር ነው። «እነሱ መጡ» እና «እሳቸው መጡ» ሲባል ግሡ አንድ ነው፤ «እርስዎ»ም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። «ሙሽራ መስለዋል» ያለው ወጣት በአፉ እየቀለደ በግሡ ግን ከፍ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ሰሚው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ከላይ ጨዋታውን፣ ከሥር አክብሮቱን። «መስለሃል» ሲባል ግን ከሥር የነበረው ይወጣና ቀልዱ ብቻውን ይቀራል። የሚያስከፋው «ሙሽራ» መባሉ ሳይሆን ያ ሳያስቡት የወደቀው ፊደል ነው።

ይህም ሆኖ «አንተ» በራሱ ስድብ አይደለም። አማኝ በጸሎቱ ፈጣሪውን «አንተ»፣ እመቤታችንን «አንቺ» ይላል። በብዙ ቤቶችም ልጅ እናቱን «አንቺ» ብሎ ይጠራል፤ አባቱን «አንተ» የሚል ቤት አለ፣ «እርስዎ» የሚልም አለ። እዚህ «አንተ» እና «አንቺ» የሚያሳዩት መቅረብን ነው። ይህ ቅርበት ግን በመወለድ፣ አብሮ በማደግ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ የሚገኝ ነው። በመንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ «አንተ» ማለት ያልተሰጠን የልጅነት ቦታ በራስ ፈቃድ እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ልዩነት ቅደም ተከተሉ ነው። የመጀመሪያው ወጣት ቀልዱን ያመጣው ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማደራቸውን ጠይቆና ምስጋናውን ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። በሐበሻ ሰላምታ ይህ ድግግሞሽ ጊዜ ማባከን አይደለም። ጠያቂው በዚያ መካከል የተጠያቂውን ፊት ያያል፣ ድምፁን ይሰማል፤ ታሞ እንዳደረ፣ ሐዘን ደርሶበት እንደሆነ ይረዳል። ጥቁር የለበሱ ወይም ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገት አዙረው የደረቡ እናት ቢሆኑ፣ ተገቢው ቃል «እግዚአብሔር ያጽናዎት» እንጂ ጨዋታ አለመሆኑን ገና ከመነሻው ያውቃል። ቀልዱን አስቀድሞ የወረወረ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳያይ ነው የተናገረው። ከርቀት መጮኹም ሌላ ችግር ያመጣል፤ በጆሮ የሚነገር ጨዋታ በአደባባይ ሲጮኽ ሽማግሌውን ለመንገደኛ ሁሉ መሳቂያ ያደርጋቸዋል።

በዚህ ረገድ ከቃል በፊት የሚናገረው አካል ነው። ታላቅ ሲገባ የተቀመጡት ብድግ እያሉ «ኖር!» ይላሉ፤ እንግዳውም «በእግዚአብሔር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። እዚህም ላይ የለመደ ቀልድ አለ። አንዳንድ አዛውንት ወጣቱ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ተጭነው «ተቀመጥ፣ ወንበሩን እንድትለቅልኝ እንጂ እንድትቆምልኝ አልፈለግሁም» ይላሉ። ወጣቱ ይህን ጨዋታ የሚያገኘው ለመነሣት ስለ ሞከረ ነው። ያልተነሣ ወጣት የሚያገኘው ዝምታ ነው።

ሦስተኛው ልዩነት በመጠሪያው ላይ ይታያል። «ጋሼ» ጋሻዬ ከማለት የመጣ፣ «እትዬ» ደግሞ እኅትነትን የያዘ ቃል ነው። «አባባ» እና «እማማ» ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ወደ ወላጅ ደረጃ ያወጣሉ። «ፋዘር» እና «ማዘር» በአዲስ አበባ ጎዳና፣ በተለይም በታክሲ ረዳቶች አፍ የተለመዱ ናቸው፤ በራሳቸው ብዙ ሰው አይቆጣባቸውም። የሚለያቸው ተከትሏቸው የሚመጣው ግሥ ነው። «ፋዘር፣ ጠጋ ይበሉ» ሲባል አብዛኞቹ አዛውንት ፈገግ ብለው ጠጋ ይላሉ። «ፋዘር፣ ጠጋ በል» ሲባል ግን ያው ቃል ወደ ትእዛዝ ይለወጣል። ከልክ በላይ ማስረጀትም ሌላው ስሕተት ነው። ሃምሳን ገና የተሻገሩ ሴት «እማማ» ሲባሉ «ከመቼ ወዲህ ነው የወለድኩህ?» ብለው ቢመልሱ አያስገርምም። «እትዬ» ብሎ ጀምሮ እርሳቸው የሚወዱትን መስማት ይሻላል።

የቀልዱ ርእሰ ጉዳይም ድንበር አለው። አዛውንቱ ራሳቸው የመረጡት ነገር፣ ማለትም አለባበሳቸው፣ ፈጣን እርምጃቸው፣ ቡና መውደዳቸው፣ በገና ወይም በዳማ ጨዋታ ያሸነፉት ሰው፣ ለጨዋታ የሚመች ነው። ያልመረጡት ነገር፣ ማለትም የመስማት ችግር፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መርሳት፣ ችግረኛነት፣ የልጅ አለመኖር ወይም የሞት መቅረብ፣ ለሌላ ሰው ቀልድ አይሆንም። አዛውንቱ በራሳቸው ላይ ሊቀልዱበት ይችላሉ፤ «ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል» ቢሉ መሳቅ ይቻላል። ያንኑ ቃል በማግስቱ መልሶ ለእርሳቸው መናገር ግን አይፈቀድም። ቃላቱም ራሳቸው ይመሰክራሉ። «ሽማግሌ» የማዕረግ ያህል ነው፤ ያስታርቃል፣ ለጋብቻ ይላካል። «አሮጌ» ለልብስና ለዕቃ የሚነገር ነው፤ በሰው ላይ ሲወድቅ ሰውን ዕቃ ያደርገዋል። «ጃጀ» የሚለውም በፍቅር ተነገረ ቢባል እንኳ ፍቅር ሆኖ አይሰማም።

እነዚህ ልዩነቶች ሁሉ የሚማሩት አብሮ በመኖር ነው። ስሙን በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች የወሰደው ካዛንችስና በዙሪያው ያለው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለረዥም ጊዜ ግድግዳ የተጋሩ ጎረቤቶች መንደር ነበር። በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በወር በ15 ቀን የሚገናኙ፣ በእድር የሚተዋወቁ፣ ልጅን በጋራ የሚቆጡ ሰዎች ማን በምን እንደሚስቅ ያውቁ ነበር። በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ የካዛንችስ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ አካባቢዎች ተዛውረዋል። የቀድሞ ጎረቤት በአዲሱ ሕንፃ ደረጃ ላይ ከማያውቀው ወጣት ጋር ይገናኛል። ወጣቱ በአሮጌው ሰፈሩ በአንድ አዛውንት ላይ የነበረውን የመቀለድ ፈቃድ በዚህኛው ላይ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ፈቃዱ ከሰው ጋር እንጂ ከዕድሜ ጋር አይሰጥምና።

ከገጠር ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ወላጆችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። በጎጃምና በጎንደር ገጠሮች ታላቅ የሚከበረው «አንቱ» በማለት ነው። «አንቱ የተባለ ሐኪም» ሲባል የታወቀና የተከበረ ማለት መሆኑ የቃሉን ክብደት ያሳያል። በአዲስ አበባ ግን «እርስዎ» ስለሚበዛ አንዳንድ የከተማ ወጣቶች «አንቱ»ን የሚጠቀሙበት ለጨዋታ፣ የገጠር አነጋገርን ለማስመሰል ነው። ለአንድ አርሶ አደር አባት ይህ ድርብ ግራ መጋባት ነው፤ ቃሉ የአክብሮት፣ ድምፁ የማሾፍ ይሆንባቸዋል። የሰውን አነጋገር መኮረጅ ቃሉ ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን ቀልዱን ከሰላምታ ወደ ንቀት ያሻግረዋል።

ድንበሩ መታለፉን ለማወቅ መልሱን ማዳመጥ ይበቃል። አዛውንቱ በቀልድ ከመለሱ፣ በተለይም እንደ ሚዜው ጨዋታ የወጣቱን ጉድለት ካነሡበት፣ በሩ ተከፍቷል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው በአጭሩ ዘግተው ካለፉ ግን ተዘግቷል። ከሁሉ የሚከብደው ምልክት ደግሞ አዛውንቱ ራሳቸው ወጣቱን «እርስዎ» ወይም «ጌታው» ማለት ሲጀምሩ ነው። የተነሣባቸውን ክብር በምጸት መልሰው ለወጣቱ ማልበሳቸው ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ነገሩን ያበላሸው አያያዙ ነውና የሚያቃናውም አያያዙ ነው።

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ ብንመለስ፣ አዲሱ ወጣት «ቀልዴን እኮ ነው» ብሎ መሟገት የለበትም፤ ይህ ጥፋቱን ወደ ተከፋው ሰው ያዞራል። በማግስቱ አባት ሲያልፉ ቢነሣና ቀልድ ሳይጨምር «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ትናንት አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ቢል ይበቃዋል። ምናልባት አባት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው ያልፉ ይሆናል። ምናልባትም ከዘራቸውን አቁመው ጫማውን ወደ ታች ያዩና «የአንተስ ንጹሕ ነው፤ ሚዜነቱ ላንተ ነው፣ እደግ!» ይላሉ። ያን ቀን ፈቃዱን ከባለቤቱ አግኝቷል።