ጥቁሩ ቧንቧ ለምን ቢጫ ሆነ?
ስለ ክሮም፣ ኒኬል፣ ጥቁርና የናስ ቧንቧዎች ዕድሜ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ ብርማ። ዛሬ መደርደሪያው ላይ ጥቁሩም፣ ወርቃማውም፣ ደብዘዝ ያለው ብርማም ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ሻጩም ሁሉንም «ኦሪጅናል ነው፣ ቀለሙ አይለቅም» እያለ ያነሳልዎታል። ገዢው መልኩን አይቶ ይመርጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን አንዱ እንደ አዲስ ሲያበራ፣ ሌላው ተልጦ ቢጫ አካሉ ይታያል። ልዩነቱ የሚመጣው ከቀለሙ ሳይሆን ቀለሙ ከተለበደበት መንገድ ነው።

የደህና ቧንቧ አካል ናስ ነው፤ ማለትም መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የተሠራ ቢጫ ብረት። ርካሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ ይሠራል፤ አንዳንዱ እጀታ ጭራሽ ፕላስቲክ ነው። ከላይ የምናየው ሁሉ ልብስ ነው። ሱቅ ውስጥ ሆነው ገላውን ለማወቅ ቧንቧውን ገልብጠው ከታች ጥርስ የወጣለትን ቦታ ይመልከቱ። እዚያ ብዙ ጊዜ ልብስ የለም፤ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፣ ግራጫ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲመዝኑትም ናሱ ከበድ ይላል። ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ልብሱ ትንሽ ሲቀደድ ናሱ ቀስ ብሎ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ያወጣል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። የዚንኩ ግን ነጭ ዱቄት እያወጣ ልብሱን ከሥር ይነፋዋል፤ ከዚያ እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሳል። ፕላስቲክ ላይ የተለበደ ክሮም ሲላጥ ደግሞ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚሆን፣ ሕፃናት እጃቸውን በሚታጠቡበት ላቫንዲኖ ላይ እንዲህ ያለ እጀታ ካለ ቶሎ መቀየር ነው።

ክሮምን እናስቀድም፤ ዛሬም የሚያስተማምነው እርሱ ነውና። ክሮም የሚባለው ቧንቧ በእርግጥ ሁለት ልብስ የለበሰ ነው። መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለበዳል፣ ከዚያ በላዩ ክሮም። የክሮሙ ውፍረት ከአንድ ማይክሮን በታች ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፣ የራስ ፀጉር ደግሞ ወደ 70 ማይክሮን ይሆናል። እንዲህ የሳሳ ነገር እንዴት ይቆያል? ክሮም እጅግ ጠንካራ ነው፣ በአየርም አይደበዝዝም። ውሃው ወደ ናሱ እንዳይደርስ የሚከለክለው ግን ሥር ያለው ኒኬል ነው። ርካሽና ውድ ክሮም ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስሉት ልዩነቱ በዚያ በማይታየው ኒኬል ውፍረት ላይ ስለሆነ ነው።

ክሮምን የሚገድለው መፈተግ ሳይሆን ኬሚካል ነው። በተለይ ሸክላ የሚታጠብበት አሲድ። አዲስ ቤት ሲያልቅ ሠራተኞች ከሸክላው ላይ ሲሚንቶ ለማንሳት አሲድ ይደፋሉ፤ ቧንቧው ባይነካ እንኳ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጭሱ ብቻ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ቤት የሚያሠራ ሰው ቧንቧውን ከአሲዱ በፊት ማስገጠም የለበትም። በረኪናም ሳይታጠብ ሲቆይበት ያው ነው። የክሮም ጠባሳ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ በጣት ሲነካ ለስላሳ ነው፤ ቢያሹት፣ ቢያጥቡት አይለቅም።

ወደ ጥቁሩ እንምጣ። ሳሪስ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ ስትመጣ ለማድ ቤት ጥቁር ቧንቧ በሻንጣ ይዛላቸው መጣች። ተገጠመ፣ ጎረቤት አደነቀ። በስምንተኛው ወር እጀታው ፊት ለፊት ቢጫ መስመር ታየ፣ ከሥሩም ሁለት ቢጫ ነጠብጣብ። ልጅቷ በስልክ ፎቶውን አይታ «ሠራተኛዋ ናት ያበላሸችው» አለች፤ ቤት ውስጥ ኩርፊያ ሆነ። ሠራተኛዋ ደግሞ የምታውቀውን ነው ያደረገችው፦ ነጭ ነገር ባየች ቁጥር በሽቦ ፈተገችው። ንጽሕናዋ ነው ያስወቀሳት።

የተጠራው የቧንቧ ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «እማማ፣ ነጩ ነገር የሚያርፈው የት የት ነው?» ብሎ ነበር። መልሱ «ከሥሩ፣ ዙሪያውን፤ ሌላ ቦታ የለም» ሆነ። አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውሃ ቀላቅሎ ጨርቅ ነከረና ከሥሩ ጠመጠመበት፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ አነሳው፣ በንጹሕ ውሃም አጠበው። ነጩ ለቀቀ። ነጩ ከለቀቀበት ቦታ አብዛኛው ጥቁሩ እንዳለ ነበር፤ ሁለቱ ነጠብጣቦች ግን ቢጫ ሆነው ቀሩ። እነዚያ ላይ ቀለም የለም ማለት ነው። ቀጥሎ ጉሮሮው የሚዞርበትን ቦታ ፈታ፤ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ተበልቶ ውሃ እያመለጠ ከሥሩ ይረጋ ነበር። ነጩ ድንጋይ የሚሠራውም ከዚያ ነው። ቀለበቱ ተቀየረ፣ ነጩም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ነገሩን ላብራራው። ጥቁር ድብዝዝ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ በዱቄት ቀለም ተረጭቶ በምድጃ የተጋገረ ነው። ውፍረቱ ከክሮም በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ግን ቀለም ነው፤ ሽቦ፣ ቢላዋ፣ የብረት ድስት ጠርዝ ይፍቀዋል። ውሃችን ውስጥ የሟሟው ኖራ ውሃው ሲተን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ በክሮም ላይም አለ፣ ነገር ግን ብርማ ላይ ብዙም አይታይም፤ ጥቁር ላይ እንደ ዱቄት ይጮኻል። ስለታየ ይፈተጋል፣ ስለተፈተገ ቀለሙ ያልቃል። ጥቁሩ ቶሎ የሚያረጀው በዚህ መንገድ ነው። ለዚህም ነው አንድ ዓይነት ቧንቧ በአንዱ ቤት አምስት ዓመት፣ በሌላው አንድ ዓመት የሚቆየው። የከርሰ ምድር ውሃ ከገጸ ምድር ውሃ ይልቅ ብዙ ጊዜ ማዕድን ይበዛዋል፤ ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ውሃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው አንድ አይደለም። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋልና፣ ለእርሱ ጥቁር ቧንቧ ባልመክር ይሻላል። የሻይ ማንቆርቆሪያዎን ውስጡን ይመልከቱ፤ ቶሎ የሚነጣ ከሆነ ቧንቧውም ይነጣል።

የሳሪሷ እናት ቢጫውን ምን አደረጉ? ባለሙያው በጥቁር የጥፍር ቀለም ነካ ነካ ማድረግ እንደሚቻል ነገራቸው፤ ጥቂት ሳምንት ይሸፍናል፣ ከዚያ ይላጣል። እርሳቸው ትተውታል። ከካርቶኑ ውስጥ «በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጸዳ» የሚል ወረቀት ነበረ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ለሠራተኛዋ ያነበበላት የለም።

ጥቁር ሆኖ የሚጠነክርም አለ። ፒቪዲ በሚባል ዘዴ፣ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ብረት ተንኖ ቧንቧው ላይ ሲያርፍ የሚገኘው ልብስ በጣም የሳሳ ግን ከቀለም እጅግ የጠነከረ ነው። በሽቦ ተፈትጎ እንኳ ቶሎ አይሸነፍም። ዋጋው ይወደዳል፣ ካርቶኑ ላይም ይጻፋል። ሻጩ ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ፣ በእጁ ያለው ቀለም ነው ብሎ መገመት ይሻላል።

ደብዘዝ ያለው ኒኬል ለልጆች ቤት ይስማማል የምለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ፊቱ አስቀድሞ በቀጫጭን መስመር የተቦረሸ ስለሆነ የጣት አሻራና የውሃ ጠብታ አይታይበትም። ችግሩ ኒኬል ብቻውን አየር ላይ ሲቆይ ወደ ቢጫነት ይሄዳል። ስለዚህ በላዩ ግልጽ ቫርኒሽ ይቀባል ወይም በፒቪዲ ይሠራል። ቫርኒሹ ሲያልቅ እጀታው ላይ፣ ሁልጊዜ በሚያዝበት ቦታ፣ እንደ ሻይ ነጠብጣብ ያለ መልክ ይወጣል። ስታጸዱ በመስመሩ አቅጣጫ ብቻ መጥረግ ነው፤ አግድም ከተፈተገ ጭረቱ ከሩቅ ይለያል።

የናሱ ነገር ለአያቶች አዲስ አይደለም። የናስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ታሽቶ እንደ ወርቅ ሲያበራ ያላየ ማን አለ? ልብስ የሌለው ናስ ቧንቧም እንዲሁ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠይማል፣ ሲታሽ ይመለሳል። የሚላጥ ነገር ስለሌለው አያረጅም ማለት ይቻላል፤ የሚፈልገው ጠይሞ ማየትን የሚችል ባለቤት ነው። ሱቅ ውስጥ ወርቅ መስሎ የሚያበራው ግን ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ የተቀባ ነው። እርሱን በሎሚ ማሸት የለመድነውን ዘዴ በተሳሳተ ቦታ መጠቀም ነው፤ ቫርኒሹ ሲሰነጠቅ ውሃ ከሥሩ ይገባና ቡናማ ነጠብጣብ ይዘረጋል፣ ጨርቅም አይደርስበትም። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ቫርኒሹን ጨርሶ አስለቅቆ እንደ ባዶ ናስ መያዝ ነው።

ለማጽዳቱ፣ ለአራቱም የሚሆነው ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማታ ላይ ዕቃ ታጥቦ ሲያልቅ ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ውሃው ካልደረቀበት ኖራው አያርፍም። ነጩ ከጋገረ ክሮም ላይ ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ አቼቶ በጨርቅ ተጠምጥሞ እስከ 15 ደቂቃ መቆየት ይችላል። ጥቁሩና ኒኬሉ ላይ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ አምራቹ አቼቶ ከከለከለ ደግሞ ጭራሽ አይነካ። ከዚያ በደንብ አጥቦ ማድረቅ። የስፖንጁ አረንጓዴ ሸካራ ጎን ውስጡ ድንጋይ የሚፍቅ ዱቄት ስላለው ለድስት እንጂ ለቧንቧ አይደለም። አቼቶና በረኪና ደግሞ በፍጹም አይቀላቀሉም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

አፉ ላይ የምትገኘውን ትንሽ ወንፊት በየወሩ ፈትቶ ማጠብም ይጠቅማል፤ በተለይ ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ማግስት ደለል ይሞላባታል፣ ውሃውም ወደ ጎን እየተረጨ እጀታውን ሲያርሰው ይውላል። ስትፈቱ ፒንሳው ልብሱን እንዳይነክስ በመካከል ጨርቅ ማድረግ አይርሱ። እጀታ አካባቢ ካሉት ቢጫ ጠባሳዎች ስንቱ የፒንሳ ጥርስ እንደሆነ የቧንቧ ባለሙያ ቢጠየቅ ይናገራል።