አውሮፕላኑ ደርሶ ሰውነት ሲዘገይ

ከቆቦ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጂዳ የሚበር የራያ ሰው ቀይ ባሕርን ቢሻገርም የእጅ ሰዓቱን ማስተካከል አያሻውም፤ የሳዑዲ ዐረቢያ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ነውና። ሲደርስ የሚሰማው ድካም ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ስለሆነ አንድ ሌሊት በደንብ ከተኛ ያልፍለታል። በትምህርት ዕድል ወደ ቤጂንግ የሚሄደው የቆቦ ልጅ ነገር ግን ሌላ ነው። ቤጂንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰውነቱ ገና በቆቦ ሰዓት ይኖራል። ጄት ላግ የሚባለው ይኸው ነው።

የሰውነት ሰዓት የሚገኘው በአንጎል ውስጥ ሲሆን የሚታረመውም ይበልጡን በብርሃን ነው። ነገር ግን ብርሃን እንደታየበት ሰዓት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ እርሱም በልማድ ከምንነቃበት 2 ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓቶች የታየ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያዘገየዋል፤ ከዚያ በኋላ የታየው ግን ያስቀድመዋል።

ተማሪያችን ማታ በ4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት በ12 ሰዓት የሚነሣ ነው እንበል። ዝቅተኛው ጊዜ ሌሊት 10 ሰዓት ግድም ይሆናል፤ ይህም በቤጂንግ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እንግዲህ «ጠዋት ፀሐይ ሙቅ» የሚለውን ምክር ሰምቶ በመጀመሪያው ቀን በ1 ሰዓት ቢወጣ፣ መቅደም የሚገባው ሰውነቱ ወደ ኋላ ይጎተታል። እስከ 3 ሰዓት መጋረጃውን ዘግቶ ቢቆይና ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር ደጅ ቢውል ይሻለዋል፤ በየቀኑም የመውጫውን ጊዜ በ1 ሰዓት ያህል ያስቀድም። ከ3 ቀን በኋላ እንቅልፉ ከፊተኛው ይልቅ እያመሸ የሚመጣ ከሆነ በተሳሳተ ሰዓት ብርሃን እያየ መሆኑን ይወቅ።

ከመነሣቱ በፊት 3 ቀን ቢዘጋጅ ሥራው ይቀልለታል። መኝታውንና መነሻውን በየቀኑ 1 ሰዓት ያስቀድማል፤ ሌሊት በ11፣ በ10፣ በመጨረሻም በ9 ሰዓት ይነሣል። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው 12 ሰዓት ግድም ስለሆነ፣ በነቃ ጊዜ ደማቅ መብራት ማብራት ግድ ነው። (አብሮት የሚያድር ጓደኛው ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም።) የአምፑል ብርሃን ከፀሐይ በጣም የደከመ ስለሆነ ሰውነቱ ሙሉውን 3 ሰዓት ላይቀድም ይችላል፤ የተገኘው ያህል ግን ትርፍ ነው።

ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዕድለኛ ነው፤ የሰውነት ዑደት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚበልጥ ከመቅደም መዘግየት ይቀለዋል። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የኛ ሌሊት 10 ሰዓት የእነርሱ ማታ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እስከ ፀሐይ መግቢያ ደጅ መቆየት ይገባል። ሌሊት በ8 ሰዓት ዓይን ቢፈጥም መብራትም ስልክም አይነካ። ለ2 ቀን ስብሰባ ብቻ የሚሄድ ሰው ግን ሰውነቱን ባይነካካው ይሻላል፤ ዋናውን ጉዳዩን ጠዋት በ4 ሰዓት ያድርገው፤ ያ ሰዓት ለሰውነቱ የአገር ቤት 11 ሰዓት፣ ገና ያልመሸበት ጊዜ ነው።