የሱቅ ማስታወቂያ አራሚ ከምን ይጀምራል?

በቴሌግራም የሚሸጡ ሱቆች ከፎቶ ሥር የሚያሰፍሩትን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ደንበኛ እያስተናገደ በስልኩ ይጽፈዋል። ይህን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ከፊደል በፊት ቁጥሩን ያያል፤ ዋጋው፣ ስልኩና የመክፈቻ ሰዓቱ ትክክል ናቸው ወይ? የፊደል ግድፈት ሱቁን ያሳፍራል፣ የዋጋ ግድፈት ግን ከደንበኛ ያጣላል። በቻናሉ ላይ የወጣን ጽሑፍ በኋላ ማስተካከል ቢቻልም፣ አስቀድሞ ለሌላ ሰው የተላለፈው ቅጂ እንደተሳሳተ ይቀራል።

አንድ ሱቅ እንዲህ ብሎ ለጠፈ እንበል፦ «አዲስ የገባ ኦርጅናል የቆዳ ጫማ ጥራቱን የጠበቅ ከ39 እስከ 44 ይፍጠኑ!! ዋጋ በውስጥ መስመር»። ፎቶው ላይ ደግሞ 3,200 ብር የሚል ይነበባል።

«የጠበቅ» «የጠበቀ» መሆን ነበረበት። በላቲን ፊደል በሚተየብባቸው ኪቦርዶች አናባቢው ሲዘለል ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ስለሚቀር እንዲህ ያለው ስሕተት ይበዛል፤ ዓይን ደግሞ የለመደውን ቃል አሟልቶ ስለሚያነብ ያልፈዋል። ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ወዲያው ይጋለጣል። «ሠ» እና «ሰ»ን በመሳሰሉት ላይ መከራከር ትርፍ የለውም፤ በሱቁ ታፔላ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይዞ መቀጠል ይበቃል።

ዋጋው ፎቶው ላይ እያለ ደንበኛን ወደ ውስጥ መስመር መላክ ለምን አስፈለገ? ምናልባት ዋጋው ተቀይሮ ይሆናል። «ኦርጅናል» የተባለውስ ቆዳው ነው ወይስ የፋብሪካው ስም? ይህን አራሚው አይገምትም፣ ባለቤቱን ይጠይቃል። መልሱ ሲገኝ ጽሑፉ እንዲህ ይሆናል፦ «የወንድ ጫማ፣ ሙሉ ቆዳ፣ ጥቁርና ቡኒ። ከ39 እስከ 44 ቁጥር። 3,200 ብር።» አድራሻና ስልክ ይከተላሉ። ስልክ ላይ ብቅ የሚለው ማሳወቂያ የጽሑፉን መጀመሪያ ብቻ ስለሚያሳይ ዕቃው ከፊት ይቀድማል። «ይፍጠኑ» ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም።

ደንበኛ የሌለው ጀማሪ የሥራ ናሙናውን የሚያዘጋጀው ከዚሁ ነው። ጫማ፣ ምግብ ቤትና የውበት ሳሎንን የመሳሰሉ ሦስት የተለያዩ ንግዶችን መርጦ፣ የእያንዳንዱን አንድ ማስታወቂያ የመጀመሪያውንና የታረመውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ከሥሩም ለምን እንደተለወጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል። የሱቁ ስምና ስልክ ይሸፈናል፣ «የልምምድ ሥራ» የሚል ምልክትም ይደረግበታል። ያልታዘዘን ሥራ እንደታዘዘ አድርጎ ማቅረብ አንድ የስልክ ጥሪ የሚያፈርሰው ውሸት ነው። ባለቤቱን ሳይጠይቁ መረጃ መሙላትም ስለማይገባ፣ ያልታወቀው ቦታ ላይ «ቀለሙ ይጠየቅ» ተብሎ ይተዋል፤ ናሙናውን የሚያየው ነጋዴም አራሚው የት ላይ እንደሚጠይቅ ከዚያ ያያል።

ሦስቱ በአንድ ገጽ ፒዲኤፍ ይገባሉ። የታረመውን ለባለቤቱ ማሳየት የተፈለገ እንደሆነ በውስጥ መስመር ይላካል፤ በአደባባይ አስተያየት ሥር ስሕተት መልቀም ሥራ አያስገኝም። አንዱ ባለቤት ጽሑፉን ወስዶ ከተጠቀመበት ደግሞ በጽሑፍ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከልምምዶቹ አንዱ በእሱ ይተካል።