ትልቁ ካሬ የቱ ነው?

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ አንድ ምሽት የጂኦሜትሪ ወርክሺቷን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። ወረቀቱ ላይ ስድስት ጎነ ሦስቶች ተሥለዋል። እያንዳንዳቸው አንደኛው ማዕዘናቸው ጥግ ላይ ትንሽዬ የካሬ ምልክት አላቸው፤ 90 ዲግሪ ነው ማለት ነው። የሁለቱ ጎኖች ርዝመት በቁጥር ተጽፏል፤ ሦስተኛው ላይ x ብቻ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ ስድስቱንም በአንድ መንገድ ነው የሠራሁት፤ ሦስቱ ትክክል፣ ሦስቱ ስሕተት ሆኑ» አለችኝ።

አየሁት። እውነትም መንገዷ አንድ ነው፤ የተሰጧትን ሁለት ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝታ፣ ደምራ፣ ከድምሩ ዳግም ዘር አውጥታለች። ስሌቷ ላይ አንዲት ስሕተት የለም። የሳተችው ከስሌቱ በፊት ነው፤ ከሦስቱ ጎኖች የትኛው ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ፊት ለፊት እንደተቀመጠ አላየችም። ያ ጎን ሃይፖቴኑስ ይባላል፤ ሁልጊዜም ከሦስቱ ረጅሙ እሱ ነው።

የፓይታጎረስ ቲዎረም በቃል ሲጠና «የአንዱ ካሬ ሲደመር የሌላው ካሬ እኩል ይሆናል የሃይፖቴኑሱ ካሬ» ይባላል። ብዙ ልጅ «ካሬ» የሚለውን ቃል ቁጥርን በራሱ ማባዛት ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ነገሩ ግን እንደ ካሬ ሜትሩ የእውነት ስፋት ነው። 3 ሴንቲ ሜትር በሆነው ጎን ላይ ካሬ ብንሥል ስፋቱ 9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 4 በሆነው ላይ ብንሥል 16 ነው። ቲዎረሙ የሚለው ሁለቱን ስፋቶች ስናጣምራቸው በረጅሙ ጎን ላይ የሚሣለውን ካሬ ስፋት፣ ማለትም 25ን፣ ልክ ይሞላሉ ነው። የሚደመሩት ስፋቶች እንጂ ርዝመቶች አይደሉም። 3 እና 4 ተደምረው 7 የሚሆኑት ጎኖቹ በአንድ መሥመር ቢዘረጉ ነበር፤ በማዕዘን ላይ ሲገናኙ ግን ጫፍ ከጫፍ ያለው ርቀት 5 ብቻ ነው።

«ለምን ልክ ይሞላሉ?» አለችኝ። መቀስና ወረቀት አመጣን። አጫጭር ጎኖቻቸው 3 እና 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት እኩል ጎነ ሦስቶች ቆረጥን። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ጎኑ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ካሬ ሠራን፤ 7 ያደረግነው 3 እና 4 ጎን ለጎን እንዲገጥሙበት ነው። በመጀመሪያ አራቱን ጎነ ሦስቶች በትልቁ ካሬ አራት ማዕዘኖች ላይ አንዳንድ አስቀመጥን፤ የካሬው እያንዳንዱ ጠርዝ በአንዱ ጎነ ሦስት 3፣ በሌላው 4 ተሸፈነ። መሐል ላይ ዘንበል ያለ ካሬ ባዶውን ቀረ፤ አራቱም ጎኖቹ የጎነ ሦስቶቹ ረጃጅም ጎኖች ናቸው።

አሁን ስፋቱን እንቁጠር። ትልቁ ካሬ 7 በ7፣ 49 ነው። አንዱ ጎነ ሦስት የ3 በ4 ግማሽ፣ 6 ነው፤ አራቱ 24። ከ49 ላይ 24 ሲነሣ 25 ይቀራል። ዘንበል ያለው ካሬ ስፋቱ 25 ከሆነ ጎኑ 5 ነው።

ቀጥለን እነዚያኑ አራት ወረቀቶች አንሸራተትናቸው። ሁለት ሁለቱን አጋጥመን 3 በ4 የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች አደረግናቸውና በትልቁ ካሬ ሁለት ተቃራኒ ጥጎች ላይ አኖርናቸው። አሁን ባዶ የቀሩት ሁለት ካሬዎች ናቸው፤ አንዱ 3 በ3፣ ሌላው 4 በ4። ትልቁ ካሬ ያው ነው፤ የሸፈኑት ወረቀቶችም ያው ናቸው፤ ስለዚህ ያልተሸፈነው ቦታም ያው መሆን አለበት። 9 ሲደመር 16፣ 25። ቁጥሮቹ 3 እና 4 ባይሆኑም፣ 6 እና 9 ወይም ሌላ ቢሆኑም፣ ወረቀቶቹ በዚሁ መንገድ ይገጥማሉ።

ይህን ካየች በኋላ ወደ ወርክሺቱ ተመለስን። የመጀመሪያው ጥያቄ አጫጭሮቹን ጎኖች 6 እና 8 ብሎ ረጅሙን ይጠይቃል። ሁለቱ ትንንሽ ካሬዎች 36 እና 64፣ ትልቁ 100፣ ጎኑ 10። በትክክል ሠርታዋለች።

ሁለተኛው ላይ ግን ሃይፖቴኑሱ 13 ተብሎ ተሰጥቷል፤ አንዱ አጭር ጎን 5 ነው፤ የጠፋው ሌላው አጭር ጎን ነው። እሷ 25 እና 169 ደምራ 194 አገኘች፤ ዳግም ዘሩ ወደ 13.9 ሆነ። «ትልቁ ካሬ የቱ ነው?» አልኳት። ጣቷን 13 ላይ አደረገች። «ስፋቱ 169 ነው፤ ይሄ እኮ ሁለቱ ትንንሾች ተጣምረው የሞሉት ነው» አለች። እንግዲያው ከ169 ውስጥ አንደኛው ትንሽ ካሬ 25ቱን ይዟል፤ የቀረው 144 የሌላው ነው። ጎኑ 12። መቼ እንደሚደመር፣ መቼ እንደሚቀነስ የሚነግረን ይህ ብቻ ነው። ትልቁ ካሬ ከጠፋ ትንንሾቹን እንደምራለን፤ ትንሹ ከጠፋ ከትልቁ ላይ እንቀንሳለን።

የተሳሳተው መልስ ራሱን ያጋልጥ ነበር። 13.9 ከ13 ይበልጣል፤ አጭር የተባለ ጎን ደግሞ ከሃይፖቴኑሱ ሊረዝም አይችልም። ሃይፖቴኑስ ስንፈልግም መልሱ ወሰን አለው፤ ከሁለቱ አጫጭር ጎኖች ከረዘመው ይበልጣል፣ ከሁለቱ ድምር ያንሳል። ለ6 እና ለ8 መልሱ በ8 እና በ14 መካከል መሆን አለበት። 14 ብሎ የመለሰ ልጅ ርዝመቶቹን እንዲሁ ደምሯል። 100 ብሎ የጻፈ ደግሞ የካሬውን ስፋት አግኝቶ ጎኑን ሳያወጣ ቆሟል። 6²ን 12 ያለ ልጅ በራሱ በማባዛት ፈንታ በሁለት አባዝቷል። የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ከመድረሱ በፊት ሦስቱንም ተማሪው ራሱ ሊይዛቸው ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ አጫጭሮቹን ጎኖች 4 እና 7 ይላቸዋል። 16 እና 49፣ 65 ይሆናሉ። ልጅቷ እዚህ ላይ ጥርጣሬ ገባት፤ 65 የማንም ሙሉ ቁጥር ዳግም ርቢ አይደለምና የተሳሳተች መሰላት። አልተሳሳተችም። ስፋቱ 65 የሆነ ካሬ ጎን አለው፤ ጎኑ ሙሉ ቁጥር አለመሆኑ ብቻ ነው። ካልኩሌተር ሳይኖር እንኳ ልንጠጋው እንችላለን። 8 በ8፣ 64 ነው፤ ጥቂት ይጎድላል። 8.1 በ8.1፣ 65.61 ነው፤ በለጠ። 8.06 በ8.06፣ 64.96 ገደማ ነው፤ ለወርክሺት ይበቃል። መምህሩ ትክክለኛውን መልስ ከፈለገ ግን √65 ብሎ መተው ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ በቃላት የቀረበ ነበር፤ 5 ሜትር የሆነ መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል፣ እግሩ ከግድግዳው 1.4 ሜትር ይርቃል፤ ምን ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ላይ ሥዕሉን ራስ መሣል ግድ ነው። 90 ዲግሪው ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለው መሰላሉ ነው። ስለዚህ ትልቁ ካሬ የመሰላሉ፣ 25 ነው። ከእሱ ላይ 1.96 ሲነሣ 23.04 ይቀራል፤ ጎኑ 4.8 ሜትር። የደመረ ሰው 5.19 ሜትር ገደማ ያገኝ ነበር፤ መሰላሉ ከራሱ ርዝመት በላይ ደረሰ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ያቺ ትንሽ የካሬ ምልክት ካለች ብቻ ነው። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ሲሰፋ ፊት ለፊቱ ያለው ጎን ይረዝማል፣ ሲጠብ ያጥራል፤ ድምሩም አይገጥምም። ግንበኞች ይህንኑ ገልብጠው ይጠቀሙበታል። የመሠረቱን ጥግ ለመፈተሽ ከጥጉ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካሉ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ጥጉ ቀጥ ብሏል። ሜትሩ 5 ሜትር ከ5 ሳንቲም ካሳየ ግን ማዕዘኑ በ1.2 ዲግሪ ያህል ተከፍቷል። ትንሽ ይመስላል፤ በ10 ሜትር ግድግዳ መጨረሻ ላይ ግን ከ20 ሳንቲም በላይ ያስወጣል።

ወርክሺቱን አስተካክለን ስንጨርስ ልጅቷ አንዱን መልስ እንደገና አሳየችኝ። ስፋቱን አግኝታ፣ ዳግም ዘሩን ሳታወጣ ትታዋለች። «ይሄን መርሳቴ አይቀርም» አለች። እኔም ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስላለች፣ ፕሊምፕተን 322 ስለምትባል የሸክላ ጽላት ነገርኳት። በባቢሎናውያን ዘመን፣ ከዛሬ ወደ 3,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ ፓይታጎረስ ከመወለዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈች ናት። በ15 መደዳ እንደነ 3፣ 4፣ 5 ያሉ፣ ግን በጣም የሚበልጡ የጎነ ሦስት ቁጥሮች ተዘርዝረውባታል። በ13ኛው መደዳ ላይ አጭሩ ጎን 161 መሆን ነበረበት። ጸሐፊው የጻፈው ግን 25,921 ነው።

ልጅቷ ወረቀት ሳበችና 161ን በ161 አባዛች። 25,921 መጣ።

«እሱም ካሬውን ጽፎ ጎኑን ረሳው!» ብላ ሣቀች፤ ከዚያም እስክሪብቶዋን አንሥታ የራሷን አረመች።