የምስክሩ ስድብ በአስተርጓሚው አፍ

አሜሪካ ውስጥ በሚታይ የዛቻ ክስ አንዲት አማርኛ ተናጋሪ የግል ተበዳይ ምስክርነቷን እየሰጠች ነው እንበል። ዐቃቤ ሕጉ «ያን ዕለት ማታ ምን አለሽ?» ሲል ይጠይቃታል። እሷም «አንቺ ሸርሙጣ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳሽ ነው አለኝ» ትላለች። አጠገቧ የቆመው አስተርጓሚ የአገሯ ልጅ ነው። እናቱን በምታህል ሴት ፊት እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ችሎቱ ደግሞ በሰው ተሞልቷል። አንገቱን ደፋ አድርጎ «ሰደበኝና ከቤት ውጪ አለኝ» የሚል እንግሊዝኛ ይናገራል።

ያደረገው ለሴትየዋ አዝኖ ነው። ግን ጉዳዩን ያበላሸው እዚያው ላይ ነው። ክሱ የቆመው «ሬሳሽ» በሚለው ቃል ላይ ነበር። ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚሉት ተራ ዜጎች፣ ማለትም ጁሪዎቹ፣ የሰሙት ግን የሞት ዛቻ ሳይሆን የተለመደ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። አስተርጓሚው ዛቻውን ሳይነካ ስድቡን ብቻ ቢያስቀርም ጉዳት አለው። ሰውየው የተናገረው በቀልድ ይሁን በጥላቻ፣ ሴትየዋስ የምር ፈርታ ይሁን አይሁን ጁሪው የሚመዝነው ዛቻው በምን ዓይነት ቃል ታጅቦ እንደወጣ አይቶ ጭምር ነው።

ከዚያ መስቀለኛ ጥያቄ ይመጣል። በዚያች ሌሊት ፖሊስ ቃሏን የተቀበለው በስልክ በቀረበ ሌላ አስተርጓሚ በኩል ነበር፤ ያኛው ስድቡንም ዛቻውንም እንዳለ ስለተናገረ በፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ሰፍሯል። የተከሳሹ ጠበቃ ሪፖርቱን አንስቶ «ለፖሊስ የተናገርሽው ሌላ፣ ዛሬ የምትናገሪው ሌላ ነው። እውነቱ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ሴትየዋ ሁለቱንም ጊዜ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። በጁሪው ዓይን ግን ቃሏን የለዋወጠች ምስክር ሆናለች፤ እሷም ምን እንደተፈጠረ አይገባትም። ስህተቱን በይግባኝ ማረምም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መዝገቡ የሚይዘው በአብዛኛው የአስተርጓሚውን እንግሊዝኛ እንጂ የምስክሯን አማርኛ አይደለም። ይግባኝ ሰሚው መዝገቡን ሲገልጥ የሚያገኘው «ሰደበኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህ እንዳይሆን ነው አስተርጓሚ እንደ ምስክር ሁሉ ቃለ መሐላ የሚፈጽመው። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለአስተርጓሚዎች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ የተነገረው ሳይለወጥ፣ ሳይቀነስ፣ ሳይጨመርበት፣ ማብራሪያም ሳይታከልበት እንዲተረጎም ያዛል፤ የንግግሩም ደረጃ እንዳለ እንዲጠበቅ ይጠይቃል። ሊቅ የተናገረው እንደ ሊቅ፣ የጎዳና ልጅ የተናገረው እንደ ጎዳና ልጅ መሰማት አለበት ማለት ነው።

ሸክሙን የሚያከብደው አስተርጓሚ በአንደኛ መደብ የሚናገር መሆኑ ነው። ምስክሩ «አየሁት» ሲል አስተርጓሚው «አየሁት» ይላል እንጂ «አየሁት ይላል» አይልም። ተከሳሹ በንዴት ዳኛውን «አንተ ሌባ» ቢላቸው፣ አስተርጓሚው ዳኛውን ፊት ለፊት እያየ ያንኑ ይናገራል። ቃሉ የማን እንደሆነ ዳኛው ያውቃሉ። ችሎት በመድፈር መቅጣት ካለባቸውም መጀመሪያ የተባለውን መስማት አለባቸው።

ከአገራችን ሰው ጋር ሲሆን ሌላም ነገር ይመጣል። አንዲት እናት ስድቡ ላይ ሲደርሱ ወደ አስተርጓሚው ዞር ብለው «ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ አንተ ፊት ነውር ነው፤ አፌ አይደፍርም» ይላሉ። አስተርጓሚው «ግድ የለም፣ እማማ» ብሎ ማጽናናት ወይም ምን ሊሉ እንደፈለጉ ገምቶ ቃሉን መሙላት አይችልም። የተናገሩትን ይቅርታ ራሱን በእንግሊዝኛ ያሰማል። ቃሉን እንዲናገሩ የሚጠይቃቸው ጠበቃው ነው። ባይናገሩትም ማፈራቸው ራሱ ችሎቱ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው።

በታማኝነት መተርጎም ማለት ግን ቃል በቃል መገልበጥ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በየዓረፍተ ነገሩ የሚሰካው ያ የታወቀ ጸያፍ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወሲብ የሚያወራ አይደለም፤ ንዴትን ያጎላል እንጂ። ወደ አማርኛ ቃል በቃል ቢመለስ ሰሚው ግራ ይጋባል፤ ቢጣል ደግሞ ንዴቱ ይጠፋል። አስተርጓሚው የሚፈልገው በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ያንኑ ያህል የሚከብድ አነጋገር ነው። በተቃራኒው «ቡዳ» የሚለው ስድብ በእንግሊዝኛ አቻ የለውም። «ጠንቋይ» በሚል ቃል ቢተረጎም፣ ቃሉ በባለ እጆች ላይ ሲወረድ የኖረውን ንቀት አይሸከምም። እንዲህ ሲያጋጥም ቃሉን እንዳለ ተናግሮ፣ በእንግሊዝኛ አቻ እንደሌለው ለዳኛው ማሳወቅ ተገቢ ነው። ትርጉሙን የሚያስረዳው በጠበቃ የተጠየቀው ምስክር ነው እንጂ አስተርጓሚው ንግግር አያደርግም።

የቃል ክብደት ለፍርድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ የፖል ኮኸን ክስ ነው። ኮኸን በ1968 እ.ኤ.አ. የግዳጅ ወታደራዊ ምልመላን በጸያፍ ቃል የሚያወግዝ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሶ በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ኮሪደር በመገኘቱ 30 ቀን እስራት ተፈረደበት። ጉዳዩ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር ዝርዝሩን ስለምናውቅ በእሱ ላይ መቆየት አያስፈልግም ብለው ጠበቃውን ሜልቪል ኒመርን አሳሰቡ። ኒመር ግን ቃሉን በችሎቱ ውስጥ እንዳለ ተናገረው። ከሸሸው፣ ይህ ቃል በአደባባይ ሊነገር አይገባም የሚለውን የተቃራኒ ወገን ክርክር ራሱ ያጸደቀ ይመስል ነበር። ኮኸን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ረታ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሃርላን፣ ሰዎች ቃል የሚመርጡት ለሐሳቡ ብቻ ሳይሆን ለሚሸከመው ስሜትም እንደሆነ አስፍረዋል።

ማለስለስ ሁልጊዜ ምስክሩን ይጎዳል ማለትም አይደለም፤ አንዳንዴ ያለአግባብ ይጠቅመዋል። አሜሪካዊቷ የቋንቋ ተመራማሪ ሱዛን በርክ ሴሊግሰን በ1990 ባሳተመችው ጥናት፣ ጁሪ ሆነው እንዲፈርዱ የተጠየቁ ሰዎች በአስተርጓሚ የቀረበን አንድ የስፓኒሽ ምስክርነት በሁለት መልክ አዳመጡ። በአንዱ አስተርጓሚው አክብሮት የሚያሳዩ ቃላትን አሰምቷል፣ በሌላው ትቷቸዋል። የአክብሮት ቃላቱን የሰሙት ምስክሩን ይበልጥ ታማኝና አስተዋይ አድርገው ገመገሙት። እንግዲህ ተሳዳቢን ምስክር ጨዋ አድርጎ ማቅረብ ለሌላኛው ወገን በደል ነው።

ኢትዮጵያም ውስጥ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል። ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው የሥራ ቋንቋው አማርኛ በሆነው የፌዴራል ፍርድ ቤት በነፍስ ግድያ ተከሶ ሟቹ ምን ብሎ እንደሰደበው ሲናገር፣ ስድቡ በዕድሜው ላይ ሊወስን ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ ከባድ የሆነ ማነሣሣት ተፈጽሞበት በብርቱ ስሜት የገደለ ሰው ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ይላል። እናቱን የነካ ስድብ «ክፉ ቃል ተናገረኝ» ተብሎ ቢተረጎም፣ ዳኞቹ ማነሣሣቱ ከባድ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚመዝኑበት ነገር አይኖራቸውም።

ልምድ ያላቸው አስተርጓሚዎች ከችሎቱ በፊት የክሱን ማመልከቻ ያነባሉ፤ ሊመጡ የሚችሉትንም ቃላት ቤታቸው ጮክ ብለው ይለማመዳሉ፣ ችሎት ላይ ምላስ እንዳይተሳሰር። ያም ሆኖ ቃል ሊያመልጥ ይችላል። ያኔ አስተርጓሚው ራሱን «አስተርጓሚው» ብሎ እየጠራ፣ ቀደም ብሎ የተናገረውን ለማረም ዳኛውን ያስፈቅዳል፤ ያስቀረውንም ስድብ እንዳለ መዝገብ ላይ ያስገባል።