መጋገሪያው ሲቀየር ሊጡ ስንት ይሁን?

ለልደት የሚሆን ኬክ ልትጋግሩ ነው እንበል። እጃችሁ ላይ ያለው ሬሲፒ የተዘጋጀው ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክብ መጋገሪያ ነው። እንግዳው ስለበዛ ግን ባለ 25ቱን ልትጠቀሙ አስባችኋል። ዱቄቱ፣ ስኳሩና ቅቤው በምን ያህል ይጨምር? ብዙ ሰው «25 ከ20 የሚበልጠው በሩብ ነው» ብሎ ሁሉንም በሩብ ከፍ ያደርጋል። ኬኩ ከኦቨን ሲወጣ ግን ሳስቶና ጠርዙ ደርቆ ይገኛል። ትልቁ መጋገሪያ የሚፈልገው ከግማሽ በላይ ጭማሪ ነበርና።

ሊጥ መጋገሪያው ውስጥ ሲገባ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይሰፋል። ስለዚህ የሚነጻጸረው ዲያሜትሩ ራሱ ሳይሆን ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነው። 20 በ20 ሲባዛ 400፣ 25 በ25 ሲባዛ ደግሞ 625 ይሆናል። 625ን ለ400 ስናካፍል 1.56 እናገኛለን። ሁለቱም መጋገሪያዎች ክብ ከሆኑና ቁመታቸው እኩል ከሆነ ከዚህ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም። በዚሁ መንገድ ከ20 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ለሚያልፍ ሰው ልኩ 2.25 ነው፤ ከእጥፍም ይበልጣል ማለት ነው።

ቅርጹ ሲለያይ ግን ሙሉ ይዘቱን ማወቅ ይጠይቃል። ክብ መጋገሪያ ከሆነ የዲያሜትሩ ግማሽ በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ በ3.14፣ በመጨረሻም በቁመቱ። ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ባለ 20 ክብ መጋገሪያ ይዘቱ 10 × 10 × 3.14 × 5 ሲሰላ 1,570 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ተኩል ትንሽ ያለፈ ነው። አራት ማዕዘን ከሆነ ርዝመቱን በወርዱና በቁመቱ ማባዛት ይበቃል። ጎኖቹ 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ቁመቱም 5 የሆነ መጋገሪያ 2,000 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሁለቱም «ባለ 20» ቢባሉም አራት ማዕዘኑ ከሩብ በላይ ብልጫ አለው። የክቡን ሊጥ እንዳለ አራት ማዕዘኑ ላይ ብታፈሱት ኬኩ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው።

የልብ ቅርጽ ያለው፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነው ወይም ጎኑ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደው መጋገሪያ ደግሞ በማስመሪያ አይለካም። እዚህ ላይ ውሃ ይረዳል። መጋገሪያውን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ እስከ አፉ ውሃ ሙሉት። አንድ ግራም ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሚዛኑ ላይ የምታነቡት ቁጥር ራሱ ይዘቱ ነው። ሚዛን ከሌለ ልኩ በተጻፈበት የውሃ ፕላስቲክ እየቀዱ መቁጠር ይቻላል። ጎኑ የሚከፈተው ዓይነት ግን ውሃ ያፈሳል፤ እሱን በደረቅ ሩዝ ሞልቶ ሩዙን ወደ መለኪያ ጆግ መገልበጥ ይሻላል። ሩዝ ከውሃ ስለሚቀል በሚዛን ሳይሆን በጆጉ መስመር ነው የሚነበበው።

አሁን ወደ ልደቱ ኬክ እንመለስ። ሬሲፒው 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 4 እንቁላልና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። ሁሉንም በ1.56 ብናባዛ ዱቄቱ 312 ግራም ይሆናል፤ እሱ ችግር የለውም። እንቁላሉ ግን 6 ከሩብ ይመጣል፤ ሩብ እንቁላል መመተር ደግሞ አድካሚ ነው። የሚሻለው ልኩን ራሱን ለእንቁላሉ እንዲመች አድርጎ 1.5 ማለት ነው። ያኔ ዱቄቱ፣ ስኳሩና ቅቤው እያንዳንዳቸው 300 ግራም፣ እንቁላሉ ልክ 6፣ ቤኪንግ ፓውደሩም ሁለት ከሩብ የሻይ ማንኪያ ይሆናሉ። የምናጣው ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረው በነበረ ኬክ ላይ ይህ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማንም አያስተውለውም። መወገድ ያለበት እንቁላሉን ብቻ ወደ 6 ዝቅ አድርጎ ሌላውን በ1.56 መተው ነው፤ ያኔ በዱቄትና በእንቁላል መካከል ያለው ሚዛን ይዛባል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የሁለቱ መጋገሪያዎች ቁመት ተቀራራቢ ሲሆን ነው። አዲሱ መጋገሪያ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው እስከ አፉ ለክታችሁ ብታባዙ የሚገኘው ሊጥ በጣም ወፍራም ይሆናል። መሃሉ እስኪበስል ጠርዙ ይደርቃል። ስለዚህ ጥልቁን መጋገሪያ ስትለኩ ውሃውን እስከ አፉ ሳይሆን የቀድሞው መጋገሪያ ቁመት እስከነበረው 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ሙሉት። ሊጡን ከጨመራችሁ በኋላም ከፍታውን እዩ። ከቀድሞው ጋር እኩል ከሆነ ሒሳቡ ልክ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሊጥ ከመጋገሪያው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሲሞላ ይበቃዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጡ ቶሎና ከፍ ብሎ ይነሳል፤ ስለዚህ ወደ ግማሹ መጠጋት ይመረጣል። ሊጥ ከተረፈ በትንንሽ የወረቀት ኩባያዎች ለብቻው ይጋገራል እንጂ እላዩ ላይ አይጨመርም።

ሊጡ በአንድ ተኩል ተባዛ ማለት የመጋገሪያው ሰዓትም በአንድ ተኩል ይባዛል ማለት አይደለም። ሰዓቱን በዋናነት የሚወስነው የሊጡ ውፍረት ነው። ውፍረቱ ካልተለወጠ ትልቁ ኬክ የሚፈልገው ጥቂት ደቂቃዎች ጭማሪ ነው። ስለዚህ በቀድሞው ሰዓት ላይ መፈተሽ ጀምሩ። መሃሉ ላይ ስቴኪኒ ስትወጉበት ሊጥ ሳይዝ ከወጣና ኬኩ ከመጋገሪያው ጎን ትንሽ ሸሸት ካለ ደርሷል። መጋገሪያው ሰፊ ሲሆን ሙቀቱ ወደ መሃል ለመድረስ ስለሚዘገይ፣ ሬሲፒው 175 ዲግሪ ካለ ወደ 165 ዝቅ ማድረግ ጠርዙን ከመድረቅ ያድነዋል።

ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ እንደ ሌሎቹ በቀጥታ የማይባዛበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊቷ ሮዝ ሌቪ ቤራንባም በ1988 ባሳተመችው «ዘ ኬክ ባይብል» ላይ መጋገሪያው እየሰፋ ሲሄድ የቤኪንግ ፓውደሩ ድርሻ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ማነስ እንዳለበት አስፍራለች። ሰፊ ኬክ መሃሉ ዘግይቶ ስለሚረጋ፣ አረፋው ከበዛ ሊጡ ሳይጠነክር ተነስቶ ይወድቃል። ከ20 ወደ 25 ስንሄድ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሁለት ከሩቡን ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማውረድ ይበቃል። ለሠርግ የሚሆን ባለ 35 ወይም ባለ 40 ኬክ ላይ ግን መሃሉ እንዳይሰረጉድ ይህ የግድ መታሰብ አለበት።

አንድ ጊዜ የተለካ መጋገሪያ ዳግመኛ መለካት አያስፈልገውም። ይዘቱን በማይለቅ ቀለም ታቹ ላይ ጻፉበት፤ ሬሲፒው ያለበት ደብተር ላይም ከግብዓቶቹ በላይ የተሠራበትን መጋገሪያ ይዘት አስፍሩ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የአዲሱን ቁጥር ለድሮው ማካፈልና ውጤቱን ለእንቁላሉ እንዲመች ማስተካከል ብቻ ነው።